«በ30 ቀን ሴኪዩሪቲ ፕላስ» የሚለውን ዕቅድ ቅደዱት!

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ተናድጃለሁ። ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። እዚሁ ወረታ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ይሠራል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኮምፒውተር ነፍሱ ነው። «ቲቸር፣ ወደቅሁ» አለኝ። ኮምፕቲያ ሴኪዩሪቲ ፕላስን ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተፈትኖ 712 አመጣ። ማለፊያው 750 ነው። ከደሞዙ ያጠራቀመው፣ ቤተሰቡም ከሩዝ ሽያጭ የጨመሩለት ገንዘብ በ90 ደቂቃ አለቀ። ደግሞ ልፈተን ካለ እንደ አዲስ መክፈል ነው።

«በምን ዕቅድ አጠናህ?» አልኩት። ላከልኝ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ነው። 30 ቀን፣ በየማታው 3 ሰዓት፣ ከክፍል አንድ እስከ አምስት በተርታ። መጨረሻው ላይ «ቆራጥ ከሆንክ ታልፋለህ» ይላል። እና የወደቀው ቆራጥ ስላልሆነ ነው? ያናደደኝ ይሄ ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሰነፍ አይደለም። የጣለው ዕቅዱ ነው። እንዴት እንደጣለው ላሳያችሁ።

ለማታውቁት፣ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የአንድ ኩባንያን ዕቃ ሳይሆን የመረጃ ደኅንነትን መሠረት የሚፈትን የጀማሪ ሰርተፍኬት ነው። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፈተና SY0-701 ይባላል። አምስት ክፍል አለው፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። አጠቃላይ ጽንሰ ሐሳብ 12 በመቶ፣ አደጋዎችና መከላከያቸው 22፣ የሲስተም አወቃቀር 18፣ የዕለት ተዕለት የደኅንነት ሥራ 28፣ አስተዳደርና ቁጥጥር 20።

እንግዲህ ልጁ ከሥራ የሚወጣው 11፡30 ላይ ነው። ቤት ገብቶ፣ ራት በልቶ፣ መብራት ካለ፣ ዓይኑ ካልተከደነ፣ 3 ሰዓት ሊያጠና ነው? አንድ ላይ ቆጠርነው። ወረቀቱ ላይ 90 ሰዓት ነበር፣ በእውነት ያጠናው 40 እንኳ አይሞላም። በተርታ ስለሄደም 30ው ቀን ሲያልቅ ገና ሦስተኛውን ክፍል መጨረሱ ነበር። የቀሩትን ሁለቱን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሌሊቶች ገረፍ ገረፍ አደረጋቸው። 28 እና 20 ስንት ነው? 48። የፈተናውን ግማሽ ያህል ሳያነብ ነው የገባው!

ይሄ የእሱ ብቻ ችግር አይደለም። ሥራ ያለው ሰው ወደኋላ መቅረቱ አይቀርም። ዕቅዱ በተርታ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቆረጠው መጨረሻው ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለው ደግሞ ከባዱ ነው። ስለዚህ ዕቅድ ከፈተናው ቀን አይጀምርም፤ ከራሳችሁ ሳምንት ይጀምራል።

እኔና እሱ አሁን የሠራነው ይኸው። መጀመሪያ እውነተኛውን ሰዓት ቆጠርን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከንጋቱ 11፡00 እስከ 12፡00፣ ቅዳሜ ከሰዓት 2 ሰዓት። በሳምንት 6 ሰዓት፣ አለቀ። ዓርብ ባዶ ናት፤ መብራት የበላው ወይም እንግዳ የወሰደው ቀን የሚካካሰው በእሷ ነው። እሑድ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ነው።

6 ሰዓት በ16 ሳምንት 96 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የኔትወርክ መሠረት ናቸው፤ አይፒ አድራሻና ፖርት ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው ስለ ፋየርዎል ማንበቡ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ያሉት 10 ሳምንታት በክብደት ተከፋፈሉ፦ ለአንደኛው ክፍል 1፣ ለሁለተኛው 2፣ ለአራተኛው 3፣ ለሦስተኛው 2፣ ለአምስተኛው 2። አራተኛውን ሆን ብለን ወደ ፊት አመጣነው። የመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት የልምምድ ፈተናና የደካማ ቦታ ጥገና ናቸው። ኅዳር ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ሩዝ ያጭዳል፣ ልጁ መቅረት አይችልም። ስለዚህ 2 ባዶ ሳምንት ጨመርንና 18 ሆነ። ፎገራ እየኖረ አጨዳን የማያውቅ ዕቅድ የማን ዕቅድ ነው?

ሳምንቱ ውስጥ ሰኞና ረቡዕ ቪዲዮ ነው። ፕሮፌሰር ሜሰር ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ኮርሱን በነፃ አስቀምጧል። የሳምንቱን ኔት ባለበት ቀድሞ ማውረድ ነው። ማክሰኞ ደብተር ተዘግቶ ሰኞ ያዩትን ከጭንቅላት መጻፍ። ሐሙስ በእጅ መሥራት። ለምሳሌ ሐሽ ምን እንደሆነ ለማየት ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ አንድ ፋይል ጽፎ ይህን ማዘዝ ነው፦

```
certutil -hashfile notes.txt SHA256
```

ከዚያ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ቀይሮ ድጋሚ ማዘዝ። የሚወጣው ቁጥር ከላይ እስከ ታች ይለወጣል። አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ሐሽ የፋይል መነካትን እንደሚያጋልጥ ሁለተኛ አይረሳም።

ዋናዋ ቅዳሜ ናት። 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ፣ ምክንያቱም ፈተናው እስከ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ቀሪዋ 80 ደቂቃ ለተሳሳተው ብቻ። ስልክ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «የአንድ ሠራተኛ ፋይሎች ተቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት መጣ። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ከባክአፕ መመለስ? ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ማላቀቅ? ቫይረሱን ማጽዳት? ወይስ ሠራተኞችን ማሠልጠን?» ሳያስብ «ባክአፕ!» አለ።

ተሳሳተ። አራቱም ትክክለኛ ሥራዎች ናቸው፣ የተጠየቀው ግን ቅደም ተከተል ነው። ቫይረሱ ኔትወርኩ ላይ እያለ ባክአፕ ብትመልስ የመለስከውንም ይቆልፈዋል። መጀመሪያ ማገድ፣ ከዚያ ማጽዳት፣ ከዚያ መመለስ፣ በመጨረሻ ትምህርት መውሰድ። ልጁ «ራንሰምዌር ማለት ባክአፕ» ብሎ ሸምድዷል። የ30 ቀን ዕቅድ የሚያስተምረው ይህንን ነው። ስለዚህ በስሕተት ደብተሩ ላይ መልሱን ብቻ አይጽፍም፤ ለምን እንደሳተ ይጽፋል፦ ቃሉን አላውቀውም ነበር? ሁለት ነገር አምታታሁ? ወይስ «ፈርስት»፣ «ቤስት» የምትለዋን ቃል ዘለልኩ? በሽታው ሲለይ መድኃኒቱም ይለያል።

«ቲቸር፣ ሲረዝም የፊተኛው ይረሳል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ይረሳል። ለዚህ ነው ከ40ው ጥያቄ 10ሩ ሁልጊዜ ካለፉት ሳምንታት የሚሆነው። በአንድ ወር የተጋተውም ይረሳል እኮ፤ ልዩነቱ መርሳታችሁን የምታውቁት ፈተናው ላይ መሆኑ ነው።

«መጀመሪያ ክፈል፣ ያኔ ተገደህ ታጠናለህ» የሚለው ምክርስ? ይሄ ደሞዙ በዶላር ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአንድ ሙከራ ዋጋ ከ400 ዶላር በላይ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። የእኛ ደንብ ሌላ ነው፦ አይታችኋቸው የማታውቋቸው ሁለት የተለያዩ የልምምድ ፈተናዎች ላይ፣ በ90 ደቂቃ፣ ሁለቱም ላይ ከ80 በመቶ በላይ። ያኔ ክፈሉ። አንዱን ፈተና ደጋግሞ 95 ማምጣት አይቆጠርም፤ ያ የምታውቁት ጥያቄውን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

«እውነተኛው የፈተና ጥያቄ» እያሉ ፒዲኤፍ የሚሸጡትንም አትጠጉ። የፈተናውን ውል ያፈርሳል፣ ሰርተፍኬት ያስነጥቃል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው።

ልጁ ሰኞ 11፡00 ላይ «ተነሥቻለሁ ቲቸር» ብሎ ጻፈልኝ። ያን የቴሌግራም ወረቀት የላካችሁለት ጓደኞቹ ይህንንም እንደምታነቡት አውቃለሁ። አጥፉትና የራሳችሁን ሳምንት ቁጠሩ። ስንት ሰዓት እንዳገኛችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ግን እውነቱን!