ከስም ቀጥሎ ምን ይጻፍ?

ደብረ ታቦር ውስጥ የብዙ ሥራ ፈላጊ ሲቪ የሚጻፈው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የሠራችውን ፋይል ትከፍታለች፤ የቀድሞውን ስም አጥፍታ አዲሱን ታስገባለች። ከዚያ ፋይሉ ባስቀመጠው ቅደም ተከተል መጠየቅ ትጀምራለች፦ «አንደኛ ደረጃ የት ተማርሽ? ሁለተኛ ደረጃስ?» በዚህ መልክ የተሠራ ሲቪ ከአንደኛ ክፍል ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። ዲግሪው ከገጹ ግርጌ ይደርሳል፤ የሙያ ፈቃዱ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከሥልጠናዎች መካከል ተሸሽጎ ይገኛል።

በቅጥር ኮሚቴ ተቀምጬ ማመልከቻ ስለይ ያየሁት ነገር አለ። መልማዩ ሲቪውን እንደ ታሪክ አያነበውም። ከፊቱ ሠንጠረዥ አለ፦ ስም፣ የትምህርት ዓይነት፣ ደረጃ፣ የተመረቀበት ዓመት፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ። ዓይኑ የሚፈልገው እነዚህን ብቻ ነው። ክምሩ ሲበዛ፣ ቶሎ ያላገኘውን «የለም» ብሎ ያልፋል። ብቁ የሆነ ሰው በዚህ ምክንያት ሲወድቅ ማየት ያንገበግባል።

አንዲት ነርስ እናስብ። ክምር ድንጋይ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። በ2006 ዓ.ም. በደረጃ 4 ተመርቃ የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን አልፋለች። በሥራ ላይ ሆና ተምራ በ2011 ዓ.ም. በነርሲንግ ቢኤስሲ ዲግሪዋን ያዘች። የሙያ ፈቃድ አላት። ልዩ ልዩ ሥልጠናዎችን ወስዳለች። በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ጀምራ ገና አልጨረሰችም። አሁን ደብረ ታቦር የወጣ የነርስ ማስታወቂያ አይታ ልታመለክት ነው።

የእሷ ሲቪ ከአሁኑ ተነስቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። በትምህርት ርዕስ ሥር መጀመሪያ የቢኤስሲ ዲግሪው ከነተቋሙና ከነዓመቱ ይቀመጥ፤ ቀጥሎ ደረጃ 4 ይግባ፣ ከጎኑም ሲኦሲ ያለፈችበት ዓመት ይጻፍ። ዲግሪ ላለው ሰው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን መዘርዘር አያስፈልግም። የጀመረችው ሁለተኛ ዲግሪ ይጻፍ፤ ግን «በመማር ላይ» ተብሎ፣ የሚጠናቀቅበት ጊዜም ተጠቅሶ ይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ልጆችም ይህን ልብ ይበሉ። የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ኮርሱን ቢጨርስም ዲግሪ አይሰጠውም፤ ስለዚህ «ኮርስ አጠናቅቄያለሁ» ማለት እንጂ «ተመርቄያለሁ» ማለት አይችልም።

የሙያ ፈቃድ ከትምህርት ቀጥሎ የራሱ ርዕስ ይሰጠው። ከሥልጠና ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ሥልጠና ችሎታ ይጨምራል እንጂ ለመሥራት መብት አይሰጥም፣ መብቱን የሚሰጠው ፈቃዱ ነው። የሰጠው አካል፣ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፉ። የሙያ ስያሜው ደግሞ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ቃል በቃል ይገልበጥ። ነርሷ ዲግሪ ይዛም ፈቃዷ ገና በደረጃ 4 ከሆነ፣ «ቢኤስሲ ነርስ» ብላ ፈቃዱን ብታያይዝ ወረቀቱ ራሱ ይቃረናታል። ማሻሻያ አመልክታ ከሆነ ያንኑ ትጻፍ።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ከስም በኋላ የሚደረደሩት አህጽሮቶች ከውጭ የመጡ ልማድ ናቸው፤ ሥርዓትም አላቸው። የአሜሪካ ነርሶች የምስክር ወረቀት ማዕከል ለነርሶች የሚመክረው ቅደም ተከተል ዲግሪን ያስቀድማል፤ የሥራ ፈቃድን ያስከትላል፤ የልዩ ሙያ ምስክርን ከዚያ በኋላ ያደርጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዲግሪ አንዴ ከተገኘ አብሮ ይኖራል፣ ፈቃድ መታደስ አለበት፣ ልዩ ምስክሩ ደግሞ በፈቃደኝነት የሚያዝና ሊቋረጥ የሚችል ነው። ይበልጥ የሚጸናው ለስም ይቀርባል። ከአንድ ዘርፍ ዲግሪዎችም ከፍተኛው ብቻ ይበቃል።

በዚህ ልክ ስናየው የእኛዋ ነርስ ከስሟ ቀጥሎ መጻፍ የምትችለው ቢኤስሲ ብቻ ነው። ኤምፒኤች አልጨረሰችም፤ ስለዚህ በቅንፍ «ዕጩ» እያለች እንኳ ልታክለው አይገባም። ሲኦሲም፣ የአምስት ቀን ሥልጠናም ከስም ኋላ አይገቡም። ሐኪም ወይም የሦስተኛ ዲግሪ ባለቤት የሆነ ሰው ደግሞ ከፊት «ዶ/ር» ካለ፣ ከኋላ ያንኑ ማዕረግ አይድገመው። በማመልከቻ ቅጽ ላይ ስም በሚሞላበት ቦታ ግን ማንኛውም አህጽሮት ይቅር። እዚያ የሚፈለገው በዲግሪው ላይ ያለው ስም ነው፤ እስከ አያት፣ በዚያው አጻጻፍ። ማስረጃ የሚያጣራው ሰው ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው።

ጊዜው ስላለፈበት ማስረጃ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ሁለት ነገር ለይቼ ነው የማየው። አንደኛው ያለ እሱ መሥራት የማይቻል ነው፤ የጤና ባለሙያ ፈቃድ፣ ለሾፌር መንጃ ፈቃድ። ይህ ጊዜው አልፎ ከሆነ «ፈቃድ አለኝ» ብሎ ቀኑን መሸሸግ ውሸት ነው፤ ፎቶ ኮፒው ሲታይም ይጋለጣል። ያበቃበትን ቀን ጽፎ ከጎኑ «እድሳት ላይ» ማለት ይቻላል፤ ይህም እድሳቱ በእርግጥ ተጀምሮ ደረሰኝ ካለ ብቻ ነው። ማስታወቂያው የታደሰ ፈቃድ ከጠየቀ ደግሞ መጀመሪያ ማሳደስ ነው።

ሁለተኛው ሥልጠናና የፈተና ውጤት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው ቢኤልኤስ የሚባለው የነፍስ አድን ካርድ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ የቶፍል ውጤትም እንዲሁ 2 ዓመት ነው። የነርሷ ካርድ ጊዜው ቢያልፍበትም ሥልጠናውን መውሰዷ እውነት ስለሆነ፣ ለሥራው የሚጠቅም ከሆነ በሥልጠና ርዕስ ሥር «በ2013 ዓ.ም. የሠለጠነች» ተብሎ ይጻፍ፤ በፈቃድና ምስክር ወረቀት ሥር ግን አይግባ። ያለፈበት የቶፍል ውጤት ይውጣ። ከሥራው ጋር የማይገናኝ የቆየ ሥልጠናም እንዲሁ ይውጣ።

ከዚህ ሁሉ በላይ በእኛ አገር ሲቪ የሚያበላሸው የዘመን አቆጣጠር ነው። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሲቪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቋንቋው ይቀየራል፣ ዓመቱ ግን እንዳለ ይቀራል። የነርሷ ፈቃድ የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው እንበል። ይህ በአውሮፓውያን ጁላይ 7 ቀን 2027 ነው። «2019» ብቻ ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ከተጻፈ፣ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ የተቀመጠ አንባቢ የሞተ ፈቃድ አድርጎ ያየዋል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የተገኘው ዲግሪም የ2019 መሆኑ ቀርቶ ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የሥራ ልምዷም ከዲግሪዋ ጋር አይገጥምም። በአማርኛ ሲቪ ላይ ሁሉም በዓ.ም. ይሁን፤ በእንግሊዝኛው ላይ ሁሉም ይቀየር፤ ከወሩ ጋር ይጻፍ፣ ምክንያቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ነው።

ማስታወቂያ የምታወጡ ቢሮዎችም አንድ መስመር ጨምሩ፦ ፈቃዱ የታደሰ መሆን አለበት ወይስ እድሳት ላይ ያለውም ተቀባይነት አለው፣ ዓመቱስ በየትኛው አቆጣጠር ይጻፍ። ከላይ ጋይንትና ከእስቴ የትራንስፖርት ከፍሎ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ ይህን መስኮት ላይ ደርሶ ሳይሆን ከቤቱ ሳይነሳ ማወቅ ይገባዋል።