«አታቋርጡ» ማለት ብቻ አይበቃም

የደም ግፊት ታማሚ ከጤና ጣቢያ ሲወጣ በጆሮው የሚቀረው አንድ ምክር ነው፤ «መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ!» ምክሩ ልክ ነው። ችግሩ ሌላ ምክር አለመጨመሩ ነው። ታማሚው ተጎድቶ ሲመጣ ደግሞ «እሳቸው እኮ አያዳምጡም» እንላለን።

አንዲት የሽሮ ሜዳ አያት ግን ከሚገባው በላይ አዳምጠው ነበር። ጥጥ እየፈተሉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ የሚልክላቸውን ኖርቫስክ፣ ባለ 10 ሚሊግራሙን፣ ጠዋት ጠዋት ይውጣሉ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሲሄዱ አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም ታዘዘላቸው። ኪኒኑ በመቀስ ተቆርጦ፣ ስሙ በሌለበት በኩል፣ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ተሰጣቸው። ወረቀቱ ላይ «በቀን 1» ብቻ ተጽፏል። አሮጌውን ይተዉት ያላቸው የለም። እሳቸውም አሮጌውን ጠዋት፣ አዲሱን ማታ ያዙ።

ኖርቫስክ የንግድ ስም ነው፤ ውስጡ ያለው አምሎዲፒን ነው። የቀን ጣሪያው 10 ሚሊግራም ሆኖ ሳለ አያት 20 ይወስዱ ነበር።

ሳምንታት ሲያልፉ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ፤ ከመደብ ሲነሱም ያዞራቸው ጀመር። ተመልሰው ሄዱ። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» «አንድም ቀን አላቋረጥኩም ልጄ።» ተመሰገኑ፤ ለእብጠቱም የሚያሸና ኪኒን ታዘዘላቸው። አምሎዲፒን ግን እግር የሚያሳብጠው ትንንሽ የደም ሥሮችን አስፍቶ ፈሳሽ ወደ ሥጋ እንዲሰርግ በማድረግ ነው። ሰውነት ውኃ አጠራቅሞ ስላልሆነ የሚያሸናው ብዙም አይፈይድለትም። ይልቅ ማዞሩን ሊያባብስ ይችላል።

ነገሩን የያዘችው የመድኃኒት ቤቷ ፋርማሲስት ናት። ማዘዣውን አይታ «እማማ፣ ቤት ያለውን ኪኒን በሙሉ በፌስታል ያምጡልኝ» አለች። የልጅ ልጃቸው ሮጣ አመጣች። ፋርማሲስቷ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች፤ የሚያሸናውን ሳትሰጥ ለሐኪሙ ደወለች። አንዱ አምሎዲፒን እንዲቋረጥ፣ ግፊታቸውም በቅርቡ እንዲለካ ተስማሙ። «እብጠቱ ነገ አይጠፋም» አለቻቸው፤ የመድኃኒቱ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል።

ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሰልፍ እኮ አያትንም ለእብጠት ዳግም አሰልፏቸዋል። «ይወስዳሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚገኘው መልስ «አዎ» ነው፤ ምን እንደሚወስዱ የሚናገረው ፌስታሉ ነው። ፋርማሲስቷ ባትጠይቅ ወይም አያት ሌላ መድኃኒት ቤት ቢገቡ ኖሮ ሦስት ኪኒን ይዘው ይመለሱ ነበር። ይህን ለአንዲት ሴት ትጋት መተው አሠራር አይባልም። የሚቆረጠው ኪኒን ስሙና መጠኑ በወረቀቱ ላይ ይጻፍለት፤ ቀጥሎም አንድ መስመር፦ «በአሮጌው ፋንታ» ወይም «ከአሮጌው ጋር»። አያት ማንበብ ባይችሉ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች።