«3 ሰዓት» የማን 3 ሰዓት ነው?

ኅዳር ላይ ነው። ማክሰኞ ምሽት 12 ሰዓት፣ ነፋስ መውጫ እናቴ ቤት ጋቢ ተከናንቤ ኮድ እየጻፍኩ፣ ሜሪላንድ ካለው የቡድናችን መሪ መልእክት ደረሰኝ፦ «የዳታቤዙን ለውጥ ነገ 3:00 ላይ አስኪደው።» «እሺ» አልኩት። አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ልክ 3 ሰዓት ላይ አስኬድኩት። ሥራችን የክሊኒኮች ቀጠሮ መያዣ ነው። ለውጡ ደግሞ በፖስትግሬስ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ መለያ ቁጥርን ከ`integer` ወደ `bigint` መቀየር ነበር። ይህ ትእዛዝ ሰንጠረዡን በሙሉ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው እስኪጨርስ ድረስ ማንም ሊያነበውም ሊጽፍበትም አይችልም። አዲስ አበባ ያሉት ክሊኒኮች በር ላይ ታካሚ ተሰልፎ ቀጠሮው ቀጥ አለ። መሪያችን ያሰበው የሜሪላንድን ከሰዓት 3:00 ነበር፤ በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ ክሊኒኮቹ ከተዘጉ በኋላ። እኔ ስጀምር እሱ ጋ ከሌሊቱ 1:00 ነበርና ተኝቷል። ስልኩን ማን ያንሳ?

ከዚያ በኋላ የተሰጠኝ ምክር ነው ይህን ያስጻፈኝ፦ «ለሥራ ስትሆን የፈረንጁን ሰዓት ተጠቀም።» አልቀበለውም። የፈረንጅ ሰዓት የሚባለውም አንድ አይደለማ! ሜሪላንድ በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በክረምታቸው 8 ይሆናል። በርሊን ያለችው ባልደረባችን በበጋ በ1፣ በክረምት በ2 ሰዓት ትለያለች። አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን የሚቀይሩበት ሳምንት ራሱ አይገጥምም። ሰዓቱን የማይቀይረው እኛ ነን፤ ቀጠሮው የሚንሸራተተው ግን እኛ ላይ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በጽሑፍ የሚቀመጥ ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ ይሁን፣ ከነቀኑ። «ነገ» የሚባል ቃል ክልክል፤ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ካለፈ የሜሪላንድ ነገ የእኛ ዛሬ ነው። የዚያ ቀን መልእክት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፦

```
2024-11-27T20:00Z
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ዩቲሲ ማለት ናት። ለሐበሻ ሰዓት ደግሞ ስሌቱ ከማንም ይልቅ ይቀላል፦ 3 ቀንስ። 20 ሲቀነስ 3፣ 17፤ ከ12 ስላለፈ 12 አውጣለት፣ ከምሽቱ 5። 06:00 ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት። ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። እናቴ ቤት ያለው የግድግዳ ሰዓት ከበርሊኑ ይልቅ ለሰርቨሩ ታማኝ ነው።

ግን ጥፋቱ የሰዓቱ ብቻ አይደለም። የእኔም «እሺ» አለችበት። እሺ ማለት «አየሁት» ነው? «ተስማማሁ» ነው? «እሠራዋለሁ» ነው? ወይስ «በቃ ተወኝ»? በአካል ስንገናኝ ፊት አይተን እንለየዋለን፤ በጽሑፍ ግን ፊት የለም። ስለዚህ ሁለተኛው ደንብ ይህ ነው፦ ሥራውን የሚሠራው ሰው የሚያደርገውን በራሱ ቃልና በራሱ ሰዓት መልሶ ይጻፍ። «ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በ06:00Z እጀምራለሁ» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ መሪያችን ገና ሥራ ላይ ነበርና ወዲያው «ኧረ ቆይ!» ይለኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጎደለው።

«ይሄ ሁሉ ቢሮክራሲ ምንድነው? ደውለን አንነጋገርም?» የሚሉ አሉ። ደውሉ፤ ግን በጥሪ የተወሰነ ነገር እስኪጻፍ ድረስ አልተወሰነም። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት ከቡድኑ ጠፋሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ስከፍተው ያገኘሁት «በጥሪው እንደተስማማነው» የሚሉ መልእክቶችን ነበር። ምን ላይ እንደተስማሙ የጻፈ የለም። ዝምታዬም እንደ ስምምነት ተቆጥሮ፣ እኔ የያዝኩት ክፍል በሌለሁበት ተቀይሯል።

ዝም ያለ ሁሉ አልተስማማም፤ መብራት የጠፋበት፣ ኔትወርክ የተቆረጠበት፣ ወይም የተኛ ሊሆን ይችላል። ተመልሶ ሊስተካከል የሚችል ውሳኔ ከሆነ ጽፋችሁ ቀጥሉ፤ ስመለስ አነበዋለሁ፣ ካልጣመኝ እንመልሰዋለን። ከተጀመረ በኋላ የማይመለስ ከሆነ ግን፣ የሚነካው ሰው መልሶ እስኪጽፍ ወይም በተራ ስልክ እስኪገኝ ጠብቁ። የተሻለ ኔትወርክ ያለው ሰው የመጻፍና የመጠበቅ ግዴታም አለበት፤ ሸክሙ ሁልጊዜ ነፋስ መውጫ ላይ አይጫንም።

መሪያችን ባለፈው ሳምንት «ነገ 4:00» ብሎ ጻፈልኝ። እሺ አላልኩትም። «የማን 4?» አልኩት።