ዝምታ ሁሉ ሽሽት አይደለም

«ሁለት ቀን ጠፋ? አቮይዳንት ነው፤ ተዪው!» «አሥር ጊዜ ደወለች? አንክሸስ ናት፤ ሽሽ!» በቲክቶክ የሚቸበቸበው የፍቅር ምክር እንዲህ ነው። ኔትዎርክ በማይቋረጥበት አገር ሲነገር ብልህነት ይመስላል። ላሊበላ ላይ ግን ሰው መበደያ ነው።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ከተማዋን ከያዙ በኋላ መብራትም ስልክም ለወራት ጠፋ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲቀሰቀስም ኢንተርኔት ተዘግቶ ከረመ። በዚህ መሀል የተጀመረ ፍቅር በዝምታው ርዝመት ሊመዘን ነው?

ንድፈ ሐሳቡ ራሱ እንዲህ አይመዝንም። ሜሪ አይንስወርዝ የአንድ ዓመት ሕፃናትን ስታጠና እናት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ እንድትወጣ ታደርግ ነበር። ዋናው መለኪያዋ ግን ሕፃኑ በመለየት ማልቀሱ ሳይሆን እናቱ ስትመለስ የሚያደርገው ነበር። አንዱ ታቅፎ ይረጋጋና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሌላው ይጣበቃል፣ ይቆጣል፣ አልጽናና ይላል። ሦስተኛው እንዳላየ ሆኖ ፊቱን ያዞራል። ሀዛንና ሼቨር በ1987 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት።

በሦስተኛ ወራቸው ላይ ያሉ ሁለት ፍቅረኞች ይታሰቡ፤ እሱ ላሊበላ አስጎብኚ፣ እሷ አዲስ አበባ። ኔትዎርክ ሦስት ሳምንት ጠፋ። እሷ ብትጨነቅ ማንም የሚጨነቀው ነው። ፈተናው መስመሩ ሲመለስ ይጀምራል። «ተመስገን፣ ደህና ነህ!» ብላ አልቅሳ፣ በማግስቱ ስለ ሥራዋ ካወራችው ልቧ አርፏል። «እውነት ኔትዎርክ ነው? ወልድያ ወርደህ ለምን አልደወልክም?» እያለች መልሱን ሰምታም ደጋግማ ከጠየቀች፣ ይከተላት እንደሆነ ለማየት ስልኩን ካላነሳች፣ ይህ ስጋት ከኔትዎርክ የመጣ አይደለም።

የእሱ ነገር ይበልጥ ያሳስታል። ቱሪስት ጠፍቶ፣ ካርድ መሙያ አጥቶ፣ «የለኝም» ማለት አፍሮ የሚዘጋ ወንድ አለ። ይህ እፍረት እንጂ ሽሽት አይደለም፤ ችግሩን አውጥቶ ሲናገር ወይም ኪሱ ሲሞላ ይቀርባል። ሸሺው ግን ሁሉ ሲሟላም ይርቃል፤ እንዲያውም የሚርቀው ከሞቀው ጨዋታ ማግስት ነው። ሽማግሌ ስለ መላክ የተወራ ዕለት የድምፅዋ ቃና፣ አሳሳቋ ድንገት ያስጠላዋል።

አንዴ በማየት አይፈረድም፤ ሁለት ሦስት መለያየትና መገናኘት ይጠይቃል። የአሥራ አምስት ሰከንድ ቪዲዮ ይህን ትዕግሥት አይሸጥም። የሚሸጠው ስም መለጠፍ ነው፤ ስሙም የሚለጠፈው ኔትዎርክ የተዘጋበት ሰው ላይ ነው።