የአገራት የመመዘን ሥልጣን እስከ ምን ድረስ? የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ውሳኔና የተነሡበት ትችቶች

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2014 መቀመጫውን ስትራስቡርግ ያደረገው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ፈረንሳይ በአደባባይ ፊትን መሸፈንን መከልከሏ የአውሮፓን የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት አይጥስም ሲል በ15 ለ2 ድምፅ ወሰነ። ውሳኔው በዋናነት የተመሠረተው፣ አንዳንድ ጉዳዮችን መዝኖ የመወሰን ሥልጣን በተወሰነ ደረጃ ለአገራት ሊተው ይገባል በሚለው አወዛጋቢ መርሕ ላይ ነው።

መርሑን ፍርድ ቤቱ በሰፊው ያብራራው በ1976 እንግሊዝን በሚመለከት በሰጠው የሃንዲሳይድ ውሳኔ ነው። የአንድ አገር ባለሥልጣናት የሕዝባቸውን ሁኔታ በቅርበት ስለሚያውቁ፣ የመብት ገደብ አስፈላጊነትን ለመመዘን ከዓለም አቀፍ ዳኛ የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው ይላል። በአውሮፓ አገራት መካከል የጋራ አቋም ካለ ይህ ሥልጣን ይጠባል፤ ከሌለ ግን ይሰፋል። የመጨረሻው ቁጥጥር ግን የፍርድ ቤቱ ነው።

በፈረንሳዩ ጉዳይ አቤቱታ ያቀረበችው ኒቃብ የምትለብስ ፈረንሳዊት ነበረች። በ2010 የወጣው ሕግ ክልከላውን የሚተላለፍ ሰው እስከ 150 ዩሮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱ መንግሥት ካቀረባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹን አልተቀበለም። አጠቃላይ የጸጥታ ስጋት መኖሩ ስላልታየ ሙሉ ክልከላ አያስፈልግም አለ፤ ልብሱን ወድዳ በምትለብስ ሴት ላይም የጾታ እኩልነትን ምክንያት ማድረግ እንደማይቻል ገለጸ። የቀረው «በጋራ መኖር» የሚለው ምክንያት ብቻ ነበር። ይህ ኅብረተሰቡ ራሱ የሚመርጠው ጉዳይ ነው በማለት ለፈረንሳይ ሰፊ ሥልጣን ተወላት።

የመጀመሪያው ትችት የሚያተኩረው በመለኪያው ላይ ነው። በወቅቱ ከ47ቱ አባል አገራት እንዲህ ያለ ሙሉ ክልከላ የነበራቸው ፈረንሳይና ቤልጂየም ብቻ ነበሩ። የተለዩት ሁለት ዳኞች፣ 45 አገራት ክልከላውን አስፈላጊ አለማድረጋቸው ራሱ የጋራ አቋም መኖሩን ያሳያል ሲሉ ተከራክረዋል። አብላጫዎቹ ግን የጋራ አቋም የለም አሉ። አንዱ ቁጥር ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያ ከሰጠ፣ ተከራካሪ ወገን ውጤቱን አስቀድሞ ሊገምት አይችልም።

ሁለተኛው ትችት ከዚህ ይከብዳል። የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ያስፈለገው በየአገሩ ምክር ቤት ድምፅ የሌላቸውን ለመጠበቅ ነው። ጉዳዩ ለኅብረተሰቡ ምርጫ ሲተው ግን አናሳዎቹ በድምፅ ወደተሸነፉበት መድረክ ይመለሳሉ። በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ ይኸው የፈረንሳይ ሕግ በሁለት ሴቶች ላይ የሃይማኖት ነፃነትን ጥሷል ማለቱ የተቺዎቹን ክርክር አጠናክሮታል።

የመርሑ ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሚያስፈጽሙለት አገራት ራሳቸው ስለሆኑ ያለ ፈቃደኝነታቸው ሊሠራ አይችልም ይላሉ። ከነሐሴ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 15ኛው ፕሮቶኮልም መርሑን በስምምነቱ መግቢያ አስፍሮታል። ስለዚህ ክርክሩ ከእንግዲህ በመርሑ መኖር ላይ አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣኑን በየጉዳዩ የሚያሰፋበትንና የሚያጠብበትን ምክንያት በግልጽና በወጥነት ማሳየት ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው።