DE ስላለ የጀርመን ዕቃ ነው?

ጓደኛዬ ከአውሮፓ የቡና ማሽን ሊያስመጣ ነው። የላኪውን ኢንቮይስ በቴሌግራም ላከልኝና «የጉምሩክ ቁጥሩ፣ EORI የሚሉት፣ በDE ይጀምራል፤ የጀርመን ዕቃ ነው» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

DE የሚነግረን ቁጥሩን የሰጠው የጀርመን ጉምሩክ መሆኑን ብቻ ነው። ቻይና ያለ ድርጅትም እንኳ በአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያ ዲክላራሲዮኑን የሚያቀርበው ጀርመን ከሆነ እዚያው ተመዝግቦ DE ያገኛል። ማሽኑ የት እንደተሠራ የሚታየው በሥሪት አገር ማረጋገጫው ላይ ነው።

ቁጥሩን የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ አስገባነው። ይሠራል አለን፤ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ግን አልወጣም። ባለቤቱ ካልፈቀደ አይወጣም። ታዲያ ላኪው የሌላ ሰው ቁጥር ለጥፎ ቢሆንስ? ጓደኛዬ ስም ከነአድራሻው ያለበት የምዝገባ ወረቀት ጠይቋል፤ እስኪመጣ ቀብድ አይከፍልም።