ኮንጋ፦ ከአልጋ በፊት ማዕድ

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይነሣል፤ የኮንጋ አርሶ አደር ከጎብኚው ገቢ ለማግኘት በምን ይጀምር? ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የእንግዳ ማረፊያ ነው። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያው ምሳን ያካተተ የግማሽ ቀን ጉብኝት ሊሆን ይገባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መኝታ ቤት እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ገንዘብ ይጠይቃል፤ እንግዳ ባልመጣበት ሌሊትም ወጪው አይቀርም። ዲላና ይርጋ ጨፌ ደግሞ ማደሪያ አላቸው። ጉብኝቱ ግን የሚያስፈልገው በጓሮ ያለውን ነው፤ እንሰት፣ ቡናና ከሥራው ጋር የኖረ ሰው።

ከአርባ ምንጭ በላይ የምትገኘው ዶርዜ ለዚህ ጥሩ አብነት ናት። እዚያ ጎብኚው እንሰት ሲፋቅ ያያል፤ የተጋገረውን ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀምሳል። ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ለመብላላት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ አስተናጋጅዋ አዲስ የተፋቀውን፣ በመብላላት ላይ ያለውንና ለመጋገር የደረሰውን ጎን ለጎን ካላዘጋጀች፣ ጎብኚው ሂደቱን በአንድ ሰዓት ሊረዳ አይችልም።

በኮንጋ ላይ ቡና ሲጨመር ወቅት ወሳኝ ይሆናል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች በሥራ የሚጠመዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ ነው። በግንቦት «የቡና አጠባ ታያላችሁ» ብሎ እንግዳ የሚያመጣ አስጎብኚ ባዶ ገንዳና ባዶ የማድረቂያ አልጋ ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የጉብኝቱ መሠረት እንሰቱ ይሁን፤ ቡናው በወቅቱ ይታከል።

ትልቁ አደጋ ግን ክፍፍሉ ላይ ነው። እንሰት የመፋቅና ቆጮ የማዘጋጀት ሥራ በአመዛኙ የሴቶች ነው፤ ከጎብኚው ጋር ተነጋግሮ ገንዘቡን የሚቀበለው ደግሞ አስጎብኚው ነው። ለምሳሌ አራት ጎብኚዎች እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፍሉ ድምሩ 2,000 ብር ይሆናል። አስቀድሞ 700 ለአስጎብኚው፣ 1,000 ለአስተናጋጅዋ፣ 300 ለመንገድና ለመጸዳጃ እንክብካቤ ተብሎ ካልተወሰነ፣ የሴትዮዋ ድካም እንደ እንግዳ ተቀባይነት ተቆጥሮ በጉርሻ ይታለፋል። ስሕተቱን መለየት አያስቸግርም፤ የምሳው ዋጋ በደረሰኙ ላይ ለብቻው ካልሰፈረ ክፍፍሉ ተዛብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በአካባቢው የሚያጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጎብኚዎችን ቁጥር ብቻ አይቁጠር። በእያንዳንዱ ጉብኝት ማን ስንት እንደተከፈለው፣ እንግዳውም የት እንዳደረና ለማደር ጠይቆ እንደሆነ ይመዝግብ። የመጀመሪያው መኝታ ቤት መሠራት ያለበት በዚያ መዝገብ ላይ የአዳሪ ጥያቄ ሲደጋገም ነው።